ብክነቱ 45 በመቶ ነው፤ የትኛው ብክነት?

ከገጠር ጤና ኬላ በየወሩ መጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከሚላኩ ሪፖርቶች አንዱ የክትባት ክምችትና ብክነት ሪፖርት ነው። በውስጡ የተገኘው፣ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ክትባት ይሰፍራል፤ ከታች ደግሞ በመቶኛ የተቀመጠ የብክነት ቁጥር አለ። በግምገማ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ያ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ባለሙያዋ ትጠየቃለች፤ ዝቅ ካለ ትመሰገናለች።

ነገር ግን ይህ ቁጥር ለብቻው ሲነበብ ያሳስታል። ሁለት ጤና ኬላዎች በትክክል እኩል የብክነት መቶኛ አስመዝግበው አንዱ ሥራውን እንደሚገባ የሠራ፣ ሌላው ደግሞ ክትባት በማቀዝቀዣ ውስጥ እያለ ጊዜው እንዲያልፍ የፈቀደ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያወጡት በሪፖርቱ ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚተዉት ሁለት ዓምዶች ናቸው፤ የባች ቁጥሩና ጊዜው የሚያበቃበት ቀን።

ጉዳዩ በሁሉም ክትባቶች ላይ የሚነሣ ቢሆንም በኩፍኝ ክትባት ላይ ጎልቶ ይታያል። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ በብልቃጥ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አብሮት ለብቻው የታሸገ መበጥበጫ ፈሳሽ አለ። አንዱ ብልቃጥ በአብዛኛው 10 ዶዝ ይይዛል፤ ይኸውም ለ10 ሕፃናት የሚበቃ ማለት ነው። ዱቄቱ በፈሳሹ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የዕለቱ የክትባት ሥራ ከዚያ በፊት ካለቀም ወዲያውኑ ይወገዳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢመለስም ለነገ አይሆንም። ምክንያቱም በተበጠበጠው ክትባት ውስጥ ተሕዋስያን እንዳይራቡ የሚከላከል መጠበቂያ ቅመም የለበትም፤ ኃይሉም በፍጥነት ይቀንሳል። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ክትባትም ሕጉ ተመሳሳይ ነው።

ዶሮ ያረባ ገበሬ ይህን ሕግ ከሌላ በር ያውቀዋል። የፈንግል ክትባት አንድ ብልቃጥ ከተበጠበጠ በኋላ ለሦስት ዶሮ ብሎ ቀሪውን ማሳደር ስለማይቻል፣ ጎረቤታሞች ቀን ቆርጠው ዶሮዎቻቸውን ይሰበስባሉ። ጤና ኬላም በሳምንት አንድ ቀን ለይቶ እናቶችን የሚጠራው በዚሁ ስሌት ነው። ልዩነቱ ዶሮዎቹን በአንድ ቀን መሰብሰብ ሲቻል፣ ዘጠኝ ወር የሞላቸውን ሕፃናት ሁሉ በአንድ ሐሙስ ማምጣት አለመቻሉ ነው።

ብክነት የሚሰላው እንዲህ ነው። በወሩ መጀመሪያ በእጅ የነበረው ዶዝ ላይ በወሩ የገባው ይደመራል፤ ከዚያ በወሩ መጨረሻ የቀረው ይቀነሳል። የሚገኘው ቁጥር ጥቅም ላይ የዋለው፣ ትክክለኛው አባባል ከክምችት የወጣው፣ ዶዝ ነው። ከዚህ ላይ የተከተቡት ሕፃናት ቁጥር ሲቀነስ የባከነው ዶዝ ይገኛል። የባከነው ከክምችት ለወጣው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ መቶኛው ይወጣል።

ነገሩን ለማየት በምሳሌነት 5 ሺሕ ሕዝብ የሚያገለግል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው አንድ ጤና ኬላ እንውሰድ። በቀበሌው በዓመት 150 ያህል ሕፃናት ይወለዳሉ እንበል። የኩፍኝ ክትባት በአገራችን የሚሰጠው በ9 ወርና በ15 ወር ነው፤ ሁለተኛው ዙር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛ ክትባት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ በወር በአማካይ ወደ 25 የሚጠጋ የኩፍኝ ክትባት ፈላጊ ይኖራል። የክትባት ቀኑ ሐሙስ ነው።

ወሩ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ይሁን። መጋቢት 1 ቀን በማቀዝቀዣው ውስጥ 3 ብልቃጥ፣ ማለትም 30 ዶዝ ነበር። የዚህ ባች ብልቃጦች ላይ የተጻፈው ጊዜው የሚያበቃበት ወር 03/2025 ነው። መጋቢት 2 ቀን ከጤና ጣቢያ ሌላ 4 ብልቃጥ መጣ፤ በዚህኛው ባች ላይ ያለው ጽሑፍ 10/2025 ይላል። በወሩ መጨረሻ የቀረው 3 ብልቃጥ ነው፤ ሦስቱም ከአዲሱ ባች። በወሩ ውስጥ 22 ሕፃናት ተከትበዋል። ሒሳቡ ግልጽ ነው። 30 እና 40 ተደምሮ 70፤ ከዚያ 30 ሲቀነስ 40 ዶዝ ወጥቷል። 22ቱ በሕፃናት ክንድ ላይ ውሏል፤ 18ቱ ባክኗል። 18 ለ40 ሲካፈል 45 በመቶ ይሆናል።

አሁን ይህ ቁጥር በሁለት የተለያዩ መንገዶች እንዴት ሊገኝ እንደሚችል እንመልከት።

በመጀመሪያው መንገድ ባለሙያዋ አራቱንም ሐሙስ፣ መጋቢት 4፣ 11፣ 18 እና 25፣ የኩፍኝ ክትባት ሰጥታለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሐሙሶች ጊዜው የቀረበውን የአሮጌውን ባች አንድ አንድ ብልቃጥ ከፈተች፤ በአራተኛው ሐሙስ ከአዲሱ ባች አንድ ከፈተች። የመጡት ሕፃናት በተራ 6፣ 5፣ 7 እና 4 ነበሩ። ከእያንዳንዱ ብልቃጥ የተረፈው በቀኑ መጨረሻ ተወገደ። 18ቱም የባከኑት ዶዞች በተከፈተ ብልቃጥ ውስጥ የተረፉ ናቸው። በዚህ ወር ባለሙያዋ የሠራችው ስሕተት የለም። ልጅ ይዛ የመጣች እናት ሁሉ ልጇን አስከትባ ሄዳለች።

በሁለተኛው መንገድ አዲሱ ባች ሲመጣ በማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ተደረደረ፤ አሮጌው ወደ ኋላ ተገፋ። መጋቢት 4 ቀን ከፊት የተገኘው አዲሱ ተከፈተ። በ11 እና በ18 ከአሮጌው አንድ አንድ ተከፈተ። አንድ የአሮጌው ባች ብልቃጥ ሳይከፈት ቀረ፤ ጊዜውም አለፈ። መጋቢት 25 ቀን ይህ ሲታወቅ ብልቃጡ ተወገደ፤ በዚያ ሐሙስም ሦስት እናቶች ብቻ ስለመጡ «ለሦስት ልጅ አይከፈትም» ተብለው ለሌላ ጊዜ ተቀጠሩ። በሦስቱ ሐሙሶች የተከተቡት 7፣ 8 እና 7 በድምሩ 22 ናቸው። ከተከፈቱት ሦስት ብልቃጦች 8 ዶዝ ተረፈ፤ ሳይከፈት ጊዜው ካለፈው ብልቃጥ 10 ዶዝ ጠፋ። ድምሩ 18 ነው፤ መቶኛውም 45 ነው። የቀረው ክምችትም ያው የአዲሱ ባች 3 ብልቃጥ ነው።

ሪፖርቱ የተገኘ፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ እና የተከተበ ብቻ የሚል ከሆነ የወረዳው ባለሙያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ አንዲት አኃዝ ልዩነት አያገኝም። ባችና ቀን በየመስመሩ ከተጻፈ ግን ወዲያው ይለያል። በመጀመሪያው ሪፖርት የአሮጌው ባች 3 ብልቃጥ በሙሉ ለክትባት ወጥቷል ይላል። በሁለተኛው ደግሞ የአሮጌው ባች 2 ለክትባት፣ 1 ጊዜው አልፎ የተወገደ ይላል። አንድ መስመር ብቻ ነው ልዩነቱ፤ ያ መስመር ግን ሦስት ሳይከተቡ የተመለሱ ሕፃናትን ያስከትላል።

ብልቃጥ ተከፍቶ የሚተርፈውና ሳይከፈት የሚጠፋው በአንድ ስም መጠራታቸው የግራ መጋባቱ ሥር ነው። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባትን ትንንሽ ቀበሌዎች ድረስ ለማድረስ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ የሕፃናቱ ቁጥር ትንሽ በሆነ መጠን ከፍ ይላል፤ ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ሁለተኛው ግን መከላከል የሚቻል ነው። ጊዜ ማለፍ፣ በሙቀት መበላሸት፣ በረዶ መሆንና መሰበር ከዚህ ወገን ናቸው። ሳይከፈት የጠፋ አንድ ብልቃጥ ጥያቄ ሊያስነሣ ይገባል፤ በተከፈተ ብልቃጥ የተረፈ አምስት ዶዝ ግን የዕለቱን ተራ ሥራ ብቻ ያሳያል።

ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን መመዝገብ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን የቀን አቆጣጠር ችግር አለበት። በብልቃጥ ላይ የሚጻፈው ወርና ዓመት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የጤና ኬላው መዝገብ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ይሞላል። 03/2025 የሚለውን ጽሑፍ እንውሰድ። ወሩ ብቻ ሲጻፍ ክትባቱ እስከዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ድረስ ያገለግላል፤ ስለዚህ ይህ ብልቃጥ የሚያበቃው በማርች 31 ነው። በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በ22 መጠቀም ይቻላል፤ በ23 አይቻልም።

ሦስተኛ ወር የሚለውን ኅዳር ብሎ የሚያነብ ሰው ገና ደኅና የሆነን ክትባት አራት ወር ቀድሞ ይጥላል። መጋቢት ብሎ በትክክል ተርጉሞ ቀኑን ግን በእኛው ወር መጨረሻ፣ በመጋቢት 30 የሚያስቀምጥ ደግሞ ጊዜው ያለፈ ክትባት ስምንት ቀን ሙሉ ሊሰጥ ይችላል። በምሳሌያችን ላይ ያለው የመጋቢት 25 ሐሙስ የሚያርፈው በእነዚህ ስምንት ቀናት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ባች 10/2025 የሚለው ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ ያበቃል። ለዚህ ያለው መፍትሔ ውስብስብ አይደለም። ክትባቱ ከጤና ጣቢያ በተረከቡበት ዕለት፣ ሁለት ሰው ባለበት፣ የብልቃጡ ጽሑፍ እንዳለ ተገልብጦ ከጎኑ የእኛ ቀን ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በልቡ እያሰላ አይተረጉምም።

የመደርደሪያው ሕግም ከዚሁ ይወጣል። ቀድሞ የመጣው ሳይሆን ቀድሞ ጊዜው የሚያበቃው ነው ቀድሞ የሚወጣው። አዲስ የመጣ ክትባት ሁልጊዜ ረጅም ጊዜ ያለው አይደለም፤ ከጤና ጣቢያ የመጣው ባች ከጤና ኬላው አሮጌ ባች ቀድሞ የሚያበቃበት ጊዜ አለ። ለዚህ ሕግ አንድ መውጫ አለው። በብልቃጡ ላይ በክብ መካከል ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት አለች፤ ክትባቱ ሙቀት በነካው ቁጥር ከነጭነት ወደ ጥቁረት ትሄዳለች። ውስጠኛው ማዕዘን የዙሪያውን ክብ ቀለም ከመሰለ ወይም ከጠቆረ ክትባቱ ይጣላል። ገና ያልደረሰ ነገር ግን ከሌሎቹ የጠቆረ ብልቃጥ ካለ፣ በጽሑፉ ረጅም ጊዜ ቢቀረውም እርሱ ቀድሞ ይከፈታል። ቀኑ የተጻፈው ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ይቆያል ተብሎ ነውና።

ምልክቷ የማትናገረው ነገርም አለ። ሙቀትን ታሳያለች እንጂ ብርድን አታሳይም። አምስቱን በሽታዎች የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች መከላከያውና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ፤ ማዕዘኗ ግን ነጭ እንደሆነች ትቀራለች። ከበረዶ ቤት ወጥቶ ትንሽ ሳይቀልጥ በመያዣ ሳጥን ውስጥ የተደረገ የበረዶ ጥቅል ለዚህ ዋነኛ መንሥኤ ነው። ሪፖርቱ «የተበላሸ» ብሎ ብቻ ካለፈ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ከሙቀት የመጣ ብልሽት ማቀዝቀዣውን መጠገን ሲጠይቅ፣ ከበረዶ የመጣው አያያዝን ማረም ይጠይቃል።

ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ኬላ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ባለሙያዋ በክትባት ቀን ማለዳ ከጤና ጣቢያ ክትባቱን በመያዣ ሳጥን ይዛ ትሄዳለች፤ ማታ ያልተከፈተውን ትመልሳለች። ያ ብልቃጥ ሄዶ መመለሱ በላዩ ላይ ምልክት ካልተደረገበት ሳምንት ተመልሶ ከመንገዱ ያልወጣ ይመስል ይታያል። ስለዚህ ተመላሹ ብልቃጥ ምልክት ተደርጎበት በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ እንዲወጣ ይደረጋል። በመዝገቡም የወጣና የተመለሰ ተብሎ በባች ይጻፋል፤ አለበለዚያ ያው ክትባት በጤና ጣቢያውም በጤና ኬላውም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ወይም በሁለቱም ሳይቆጠር ይቀራል።

የባች ቁጥር ሌላም ሥራ አለው፤ ከብክነት የከበደ። አንድ ሕፃን ከተከተበ በኋላ ቢታመም የመጀመሪያው ጥያቄ ከየትኛው ባች ነው የሚለው ነው። በብዙ ቦታ በሕፃኑ ካርድ ላይ የሚጻፈው የተከተበበት ቀን ነው እንጂ ባቹ አይደለም። ስለዚህ ከቀኑ ተነሥቶ ወደ ባቹ የሚያደርሰው የጤና ኬላው መዝገብ ብቻ ይሆናል። መጋቢት 11 ቀን የተከፈተው የአሮጌው ባች ነው የሚል መስመር ካለ በዚያ ቀን የተከተቡት ስምንት ሕፃናት በስም ይገኛሉ። መስመሩ ከሌለ በወሩ የተከተበው ሁሉ በጥርጣሬ ይያዛል፤ ወሬው ደግሞ ከመዝገብ በፊት በቀበሌው ይዞራል። ለመበጥበጫው ፈሳሽም የራሱ ባችና ጊዜ ይመዘገባል፤ ከሌላ አምራች የመጣ ፈሳሽ ለክትባቱ አይሆንም። ፈሳሹ ከጎደለ ዱቄቱ በክምችት ቢቆጠርም የሚከትብ አይደለም፤ 7 ብልቃጥ ክትባትና 5 መበጥበጫ ያለው ጤና ኬላ በእጁ ያለው 50 ዶዝ ነው እንጂ 70 አይደለም።

የተከፈተ ክትባት ከሰዓቱ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርስ ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በ2017 እ.ኤ.አ. በመራራ መንገድ አይታለች። በምሥራቅ ካፖኤታ በተካሄደ የኩፍኝ ዘመቻ 15 ሕፃናት ሞቱ። የተደረገው ምርመራ ክትባቱ ራሱ መጥፎ እንዳልነበረ፣ ይልቁንም በአያያዝ መበከሉን አሳየ፤ ለመበጥበጥ አንድ መርፌ ለአራት ቀናት በተደጋጋሚ ጥቅም ላይ ውሏል፤ ክትባቱም በእነዚያ ቀናት የቅዝቃዜ መሣሪያ በሌለበት ቤት ተቀምጧል። የስድስት ሰዓቱ ሕግ እንዲህ ካለው አደጋ ለመጠበቅ የተቀመጠ ነው።

እዚህ ላይ የሪፖርቱ ትልቁ አደጋ ይገለጣል። ብክነት ዝቅ ይበል የሚል ግፊት ሲበረታ ባለሙያዋ ያላት ምርጫ ሦስት ነው። ልጆች እስኪበዙ ብልቃጡን አለመክፈት፣ የተከፈተውን ማሳደር፣ ወይም ቁጥሩን ማስተካከል። የመጀመሪያው ሕፃናትን ያስመልሳል፤ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ የመጣች እናት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ላትመጣ ትችላለች፤ በተለይ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ። የክትባት ባለሙያዎች ምክር ስለ ኩፍኝ ግልጽ ነው፤ ለአንድ ሕፃን ቢሆንም ይከፈታል። ሁለተኛው ከላይ የተባለውን አደጋ ያመጣል። ሦስተኛው ለጊዜው ማንንም የሚጎዳ አይመስልም፤ ጉዳቱ ግን በሚቀጥለው ወር ይወጣል።

እንዴት እንደሚወጣ በዚያው ምሳሌ እንከተለው። ለሚቀጥለው ወር የሚጠየቀው ክትባት የሚሰላው የሚጠበቁት ሕፃናት በብክነት ማካካሻ ተባዝተው ነው። ማካካሻው የሚገኘው 100 ብክነቱ ከተቀነሰለት 100 ላይ በማካፈል ነው። ብክነቱ 45 በመቶ ተብሎ በሐቅ ከተጻፈ 100 ለ55 ሲካፈል 1.82 ይሆናል፤ 25 በ1.82 ሲባዛ 45 ከግማሽ ዶዝ ይወጣል፤ ማለትም 5 ብልቃጥ። ግምገማ ፈርታ 10 በመቶ ብላ ከጻፈች ማካካሻው 1.11 ነው፤ ድምሩ 28 ዶዝ ገደማ፣ 3 ብልቃጥ። አራት ሐሙስ ላለው ወር ሦስት ብልቃጥ ይመጣል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ለ25 ሕፃናት 30 ዶዝ ስለተላከ ጤና ጣቢያው በቂ ነው ይላል፤ በአራተኛው ሐሙስ ግን ጤና ኬላው ባዶ ነው። «ክትባት አልቋል» የሚለው የእናቶች ምላሽ ከዚህ ሒሳብ ሊመነጭ ይችላል፤ ከማዕከል እጥረት ብቻ አይደለም።

ቁጥሩ ሲስተካከል የሚተዋቸው ዱካዎች አሉ። በወሩ ውስጥ የኩፍኝ ክትባት የተሰጠባቸው ቀናት አራት ሆነው የተከፈቱት ብልቃጦች ሦስት ከሆኑ፣ አንዱ ብልቃጥ አድሯል ወይም ከቀኖቹ አንዱ በወረቀት ብቻ የተሠራ ነው፤ ሦስተኛ ትርጉም ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የተከታቢዎቹ ቁጥር ወር በገባ ቁጥር 10፣ 20፣ 30 እየሆነ ከብልቃጡ ጋር ልክ ሲገጥም ሕፃናቱ ሳይሆኑ ዶዞቹ ናቸው የተቆጠሩት። የተከተቡት ከወጣው ዶዝ ሲበልጡ ደግሞ ርክክቡ ላይ ያልተመዘገበ ክትባት አለ ማለት ነው። በትንሽ ቀበሌ የኩፍኝ ብክነት ዜሮ ተብሎ ሲመጣ ከምስጋና በፊት የሐሙሶቹን መዝገብ ከብልቃጦቹ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይቀድማል።

ለሌሎቹ ክትባቶች ይህ ፍርድ ይገለበጣል። በፈሳሽ መልክ የሚመጡት የፖሊዮ ጠብታ፣ ፔንታቫለንትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከተከፈቱ በኋላ እስከ 28 ቀን ድረስ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ይህ ግን የሚሆነው ክትባቱ ለዚህ የተፈቀደ ሲሆን፣ ጊዜው ካላለፈ፣ በተገቢው ቅዝቃዜ ከተጠበቀ፣ ማዕዘኗ ካልጠቆረች ነው፤ የተከፈተበት ቀንም በብልቃጡ ላይ መጻፍ አለበት። ቀኑ ካልተጻፈበት በሚቀጥለው ሐሙስ መቼ እንደተከፈተ የሚያውቅ ስለሌለ ይጣላል። ስለዚህ በፔንታቫለንት ላይ የሚታይ 45 በመቶ ብክነት የኩፍኙን ያህል ይቅርታ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእስክሪብቶ መስመር መጓደል ነው።

ጊዜው ሊያልፍ የቀረበ ክትባት ሪፖርት ሲደረግም ዋናው ነገር አስቀድሞ መታየቱ ነው። በምሳሌያችን መጋቢት 2 ቀን ርክክብ ሲደረግ የአሮጌው ባች ሦስት ብልቃጥ ሃያ ቀን ብቻ እንደቀረው በሪፖርቱ ቢታይ፣ ጤና ጣቢያው ብዙ ሕፃናት ወዳሉበት ጎረቤት ጤና ኬላ አንዱን ለማዛወር ጊዜ ነበረው። መጋቢት 30 ላይ የሚደርስ ሪፖርት የሚያሳውቀው የጠፋውን ብቻ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ ብዙውን ጊዜ አምስት ያህል ጤና ኬላዎች ስላሉት፣ የአምስቱን የባችና የቀን ዓምድ በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ የሚጠይቀው ከወሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ባችና ቀን በትክክል ተሞልተውም ሪፖርቱ የማይናገረው አንድ ነገር ይቀራል። መጋቢት 25 ቀን የተመለሱት ሦስት ሕፃናት በየትኛውም ዓምድ ላይ የሉም። ከክምችት የወጣ፣ የባከነና የቀረ ይቆጠራል፤ ልጇን ይዛ መጥታ ሳይከተብላት የተመለሰች እናት ግን አትቆጠርም። ከብልቃጡ መስመር ጎን «ሳይከተቡ የተቀጠሩ» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር የሁለቱ 45 በመቶዎች ልዩነት ከባቹ ቁጥር በፊት ይታይ ነበር፤ በመጀመሪያው ጤና ኬላ 0፣ በሁለተኛው 3።